ሐምራዊው ክዳን

ይህ ንግግር ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የላብራቶሪያችን አሥረኛ ዓመት ሲከበር ለሠራተኞቻችንና ለደንበኞቻችን ያደረግሁት ነው። የመጽሔቱ ኮሚቴ አባል የሆነ የክፍል ጓደኛችን አዳራሹ ውስጥ ነበርና «ይህንን ለእኛም ሰዎች ስጪን» አለኝ። የመታሰቢያ መጽሔታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ስላልሆነ የድርጅቱን ስም አውጥቼዋለሁ። ሌላው በዕለቱ እንደተናገርኩት ነው።

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ናሙና የምትልኩልን ክሊኒኮችና ሐኪሞች፣ ከሁሉም በላይ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ደማችሁን የምትሰጡን ደንበኞቻችን፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ዛሬ ጠዋት ስገባ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው ምልክታችንን ሲያዩ አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ይሄ ሐምራዊ ክብ ነገር ምንድን ነው? አበባ ነው ወይስ የወይን ፍሬ?» አሉኝ። አሥር ዓመት ሙሉ ይህንን ጥያቄ ስሰማ ኖሬያለሁ። ምልክቱን የሠራልን ወጣት እንኳ መጀመሪያ ላይ «ዶክተር፣ የጤና ድርጅት አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነው የሚያምርበት» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። እኔ ደግሞ ሐምራዊ ካልሆነ አልሆንም አልኩ። ለምን እንደሆነ ግን ለብዙዎቻችሁ ነግሬያችሁ አላውቅም። ዛሬ ልንገራችሁ።

አበባ አይደለም። ወይንም አይደለም። የደም መቅጃ ቱቦ ክዳን ነው። እዚያ ላይ ያስቀመጥነውም ስለሚያምር ሳይሆን እኔ ስለተሳሳትኩ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2001 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ከአዲስ አበባ ውጪ በአንድ ሆስፒታል እሠራ ነበር። ሆስፒታሉን አልጠራውም፤ ያኔ ብዙ ቦታ እንደዚያው ነበርና። ዕድሜያቸው ስድሳ የሚሆን ገበሬ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው ቆይቶ ማታ መጡ። ከልጃቸው ጋር ነበሩ። አፋቸው ደርቋል፣ ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ደም ሥራቸው አልገኝ ብሎ ነርሷ ሦስት ጊዜ ወግታ በመከራ ትንሽ ደም አገኘች። ያቺን ትንሽ ደም ለሁለት ቱቦ አካፈለቻት። አንደኛው ባለቀይ ክዳን ለኩላሊትና ለጨው ምርመራ፣ ሁለተኛው ባለሐምራዊ ክዳን ለደም ሕዋስ ቆጠራ። እኔ ተረኛ ነበርኩ። ውጤቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መጣ፤ ፖታሲየም 8.2 ይላል።

ሐኪም ያልሆናችሁ ይገባችሁ ዘንድ፣ ጤነኛ ሰው ፖታሲየሙ ከ3.5 እስከ 5 ገደማ ነው። ስምንት ማለት ልብ በማንኛውም ደቂቃ ቀጥ ልትል ትችላለች ማለት ነው። የልብ ምት ሥዕል አስነሣሁ። ደኅና ነበር። ፖታሲየም በእውነት እዚያ ሲደርስ ብዙ ጊዜ እንደ ድንኳን የሚሾለው ሞገድ የለም። እርግጥ ነው፣ ሥዕሉ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ፖታሲየሙ አልጨመረም ማለት አይቻልም፤ መምህሮቻችን እንዲህ ብለው ነው ያስተማሩን። ስለዚህ ማከም መጀመሬ ራሱ ጥፋት አልነበረም። የልብ መከላከያ ካልሲየም ሰጠሁ፤ ቀጥሎ ፖታሲየሙን ወደ ሕዋስ የሚያስገባውን አሥር ዩኒት ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር አስገባሁ። ጥፋቴ ሌላ ነው። ሌላ ናሙና ወዲያው አስወስጄ አላስላክሁም። ስኳራቸውንም በየሰዓቱ አላስለካሁም። ወረቀቱን አመንኩና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄድኩ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልጃቸው እየሮጠ መጣ። «አባቴ አያውቀኝም» አለኝ። ሄጄ ሳይ ላብ አስጥሟቸዋል፣ ይቃዣሉ። የጣት ስኳራቸው 31 ነበር። ኢንሱሊን ከግሉኮሱ በላይ ቆይቶ ይሠራል፤ ለሦስት ቀን ምንም ያልበላ ሰው ደግሞ ጉበቱ ውስጥ የሚያወጣው ስኳር የለውም። ግሉኮስ በደም ሥር ሰጠናቸው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነቁ። ልጃቸው «ዶክተር፣ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በሽታው ነው» አልኩት።

ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ጠዋት ላይ የቀኑ የላብራቶሪ ባለሙያ ወረቀቱን ይዘው ዋርድ ድረስ መጡ። ዛሬ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። «ስሜን እንዳትጠሪ» ስላሉኝ ሁላችሁም እንደምትጠሯቸው ጋሼ ብያቸው አልፋለሁ። «ዶክተር፣ ይሄን ወረቀት እስከ ታች አንብበሽዋል?» አሉኝ። አላነበብኩትም ነበር። ፖታሲየሙ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ከሥር ካልሲየም 4.1 ይላል። ጤነኛ ሰው 8.5 አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። «አየሽ» አሉኝ፣ «እንዲህ ያለ ካልሲየም ያለው ሰው እጁ ተኮማትሮ፣ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ነው የሚመጣው። ይሄ የሰውየው ካልሲየም አይደለም። የክዳኑ ነው።»

ባለሐምራዊ ክዳን ቱቦ ውስጥ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ የሚባል ነገር አለ። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው ካልሲየምን ይዞ በማስቀረት ነው። ያለ ካልሲየም ደም አይረጋም። ይህ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ ደግሞ ቱቦው ውስጥ የሚገባው ብዙ ጊዜ ከፖታሲየም ጋር ተጣምሮ እንደ ጨው ሆኖ ነው። እንግዲህ ከዚያ ቱቦ ጥቂት ደም ወደ ቀዩ ቢገለበጥ ምን ይሆናል? ፖታሲየም ከውጪ ይጨመራል፣ ካልሲየም ደግሞ ተይዞ ይጠፋል። በአንድ ወረቀት ላይ ከፍ ያለ ፖታሲየምና የማይታመን ዝቅ ያለ ካልሲየም አብረው ካያችሁ ከበሽተኛው በፊት ቱቦውን ጠርጥሩ። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለውም ኢንዛይም አብሮ ይወርዳል፤ ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ዚንክና ማግኒዚየም ኢ.ዲ.ቲ.ኤ ስለሚወስድበት።

የሌሊቱ ባለሙያ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ቀዩ ቱቦ ውስጥ ያለው ደም ለማሽኑ አልበቃ አለው። በሽተኛውን እንደገና ከማስወጋት ብሎ ከሐምራዊው ጥቂት ጨመረበት። ክፋት አልነበረበትም። ብቻውን ነበር፣ ከማለዳ ጀምሮ ሥራ ላይ ነበር፣ እኔም ሁለት ጊዜ ደውዬ «የት ደረሰ?» እያልኩ አስጨንቄዋለሁ። በዚያ ጠዋት በተወሰደው አዲስ ናሙና የሰውየው ፖታሲየም 2.7 ሆኖ ተገኘ። ሦስት ቀን ያስመለሰውና ያስቀመጠው ሰው ፖታሲየሙ መጀመሪያውኑ ዝቅ ያለ ነበር ማለት ነው። እኔ ኢንሱሊን ሰጥቼ ይበልጥ አወረድኩት። ከስኳሩ ቢተርፉ እንኳ በዚህኛው ልባቸው ልትመታ ትችል ነበር።

ሰውየው በአምስተኛው ቀን ድነው ወጡ። ልጃቸው እጄን ስሞ አመሰገነኝ። እኔም ምንም አላልኩትም። የሌሊቱ ባለሙያ ከደመወዙ ተቀጣ፣ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ወረቀቱን ሁለታችንም ይዘነው ነበር፤ የተቀጣው አንዱ ብቻ ነው።

የዚህ ድርጅት መነሻ ይህ ነው። ገበያ አጥንተን፣ ክፍተት አይተን አይደለም የተነሣነው። ስፔሻላይዜሽኔን ጨርሼ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስመለስ ጋሼም ጡረታ ወጥተው እዚሁ መጥተው ነበር። ቤታቸው ሄጄ ቡና እየጠጣን ያንን ሌሊት አነሣነው። «ጋሼ፣ ያን ሌሊት ናሙናው አይበቃም ብሎ የሚመልስ ላብራቶሪ ቢኖር ኖሮ እኮ ምንም አይሆንም ነበር» አልኳቸው። እሳቸውም «የሚመልስ ላብራቶሪ ይራባል። ደንበኛ ተመለሰ ማለት ብር ተመለሰ ማለት ነው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እስቲ እንራብና እንየው» አሉ።

መኪናዬን ሸጥኩ፤ እሳቸው ከጡረታ ጥሪታቸው አወጡ። የቀረውን ከባንክ ተበደርን። በመንገድ ዳር ሦስት ክፍል ተከራየን፤ አንድ የኬሚስትሪ ማሽን፣ አንድ የደም ሕዋስ መቁጠሪያ፣ አንድ ሴንትሪፉጅ፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ ከዚያም መብራት ሲጠፋ የምትጮህ ጄኔሬተር ነበረችን። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሩን ስንከፍት በመጀመሪያው ቀን የመጡት ሰባት ሰዎች ናቸው። ከሰባቱ አንዷን መልሰን በነጻ እንደገና ደም ወሰድንባት፤ ማሰሪያው ጠብቆ ረጅም ጊዜ ስለቆየና እጇን ደጋግማ ስለጨበጠች። እርሱም ፖታሲየምን በውሸት ከፍ ያደርጋል። ጋሼ «እንግዲህ ጀመርን» ብለው ሳቁ።

በበሩ ላይ ሐምራዊውን ክዳን ሰቀልን። ከሥሩም «የተጠራጠርነውን አንሰጥም» ብለን ጻፍን። ማስታወቂያ ለማሳመር አልነበረም። ለራሳችን የጻፍነው ማስጠንቀቂያ ነው።

በመጀመሪያው ወር ብዙ ናሙና ይልክልን የነበረ አንድ ክሊኒክ አራት ቱቦ በአንድ ቀን መለስንበት። ከሴንትሪፉጅ ሲወጣ ሴረሙ ቢጫ መሆን ሲገባው ቀይ ነበር። ቀይ ሕዋሳቱ ፈርሰዋል ማለት ነው፤ ውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ወደ ሴረሙ ይፈስሳል። ባለቤቱ ደውሎ «እናንተ ናችሁ ደም መውሰድ የምታስተምሩን?» አለኝ። ለሰባት ወር ናሙና አላከልንም። የቤት ኪራይ በብድር የከፈልነው ያኔ ነው። በኋላ ተመልሶ መጣ፤ ዛሬም እዚህ አለ፣ ሲስቅም አየዋለሁ። ቀጭን መርፌ ይዘው በሲሪንጅ በኃይል የሚስቡ ሁለት ሠራተኞች እንደነበሩት ያወቀው ራሱ ነው።

እስከዚህ ያለው ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቃላችንን አድሱ ባላልኳችሁም ነበር። ቃል የሚታደሰው ስለፈረሰ ነው። እኛም አፍርሰናል።

በ2011 ዓ.ም. ሥራው ሰፋ። ከከተማ ወጣ ካሉ ክሊኒኮችም ናሙና በሞተር እናመጣ ጀመር። እኔ ያኔ አንድ ሐሳብ አመጣሁ፤ ብዙ ናሙና ለሚያመጣ ሠራተኛ ጉርሻ እንስጥ አልኩ። ጋሼ ተቃወሙ። «ለብዛት ከከፈልሽ ብዛት ታገኛለሽ» አሉኝ። አልሰማኋቸውም። በሁለተኛው ወር የምንመልሰው ናሙና ቁጥር ወደ ዜሮ ወረደ። እኔ ደስ አለኝ፤ «ጥራታችን ጨመረ» ብዬ በስብሰባ ላይ ተናገርኩ። ዛሬ ሳስበው ያፍረኛል። ናሙና የሚመልስ ላብራቶሪ በድንገት መመለስ ሲያቆም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ተሻሻለ?» ሳይሆን «ማን ፈራ?» የሚለው ነው።

ያስነቃን አንድ ሐኪም ነው። የስኳር ታካሚው የሆነች አንዲት መምህርት በጾም የለካንላት ስኳር 120 ነበር። «ተስተካክሎልሻል» ብሎ መድኃኒቷን ቀነሰላት። ከሁለት ወር በኋላ ውኃ ጥም በዝቶባት፣ ከስታ መጣች። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ሲሠራላት 9.1 ሆነ። ሐኪሙ ደወለልኝ። «ዶክተር፣ ሁለቱ ቁጥሮቻችሁ አይተዋወቁም» አለኝ። ትክክል ነበር። 9.1 ማለት አማካይ ስኳሯ ከ200 በላይ ነው ማለት ነው። መድኃኒት በመቀነሱ ብቻ እንዲህ ይሆናል ብለን ማለፍ እንችል ነበር። ጋሼ ግን ከዚያ ክሊኒክ የመጡትን ውጤቶች ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አሰፈሯቸው። ከሌሎቹ ክሊኒኮች ጋር ሲተያይ የዚያ ክሊኒክ ሰዎች ሁሉ ስኳራቸው ዝቅ ያለ፣ ፖታሲየማቸው ደግሞ ከፍ ያለ ነበር። የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ በአንድ ላይ እንዲህ አይሆንም።

ምክንያቱ ሰዓት ነው። በዚያ ክሊኒክ ደም የሚወሰደው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ሞተረኛችን ደግሞ ጉርሻ ስለሚያገኝ ቱቦ እስኪጠራቀምለት ይጠብቅና 7 ሰዓት ላይ ይነሣል፤ 8 ሰዓት ላይ እኛ ጋ ይደርሳል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ደሙ ሳይለይ ቆይቷል። ደም ከሰውነት ከወጣ በኋላም ሕዋሳቱ በሕይወት አሉ፤ ስኳር ይበላሉ። ሳይለይ ከቆየ በሰዓት ከመቶ 5 እስከ 7 ያህል ይቀንሳል። የመምህርቷ ትክክለኛ ስኳር 175 አካባቢ ቢሆን በስድስት ሰዓት ውስጥ ወደ 120 ይወርዳል። ሕዋሳቱ ደግሞ ስኳሩ እያለቀ ሲደክሙ የያዙትን ፖታሲየም ያፈስሳሉ። ቱቦው ላይ የተወሰደበት ሰዓት ቢጻፍ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እንይዘው ነበር። አልተጻፈም። ደም የተቀበለችው ልጅ ማርፈዱን አውቃ ነበር፤ ግን ብትመልስ ሞተረኛው ጉርሻውን ያጣል፣ እርሷም ትጠላለች። ዝም አለች። እንድትዘም ያደረግኋት እኔ ነኝ።

የሦስት ወሩን የዚያን ክሊኒክ የስኳር ውጤት ሁሉ አወጣን። ከስልሳ በላይ ሰዎች ነበሩ። አንድ በአንድ ደወልንላቸው። ያልኳቸው ቃል ይህ ነበር፦ «የሰጠንዎ ውጤት ትክክል አልነበረም። ስህተቱ የእኛ ነው። በነጻ እንደገና እንለካለን፤ ለሐኪምዎም እኛው እንነግራለን።» ዘጠኝ ሰዎችን ስልካቸው ተቀይሮ አላገኘናቸውም። ያ ወረቀት ዛሬም ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። የባንክ ብድራችን እንዳላለቀ የሒሳብ ሠራተኛችን ስታስታውሰኝ እንኳ አውጥቼ አየዋለሁ፤ ይበልጥ የሚከብደኝ ዕዳ እርሱ ነውና።

መምህርቷን ራሴ ቤቷ ሄጄ ነገርኳት። ተናደደች፤ መብቷም ነበር። ከሄድኩ በኋላ ግን ለሐኪሟ «ቢያንስ ዋሽተው አላለፉኝም» ብላው ነበር። ያን ቀን ማታ የዚያን ገበሬ ልጅ አስታወስኩት። «በሽታው ነው» ያልኩትን። ዛሬም ስሙን አላውቀውም፣ የት እንዳለም አላውቅም። እውነቱን አልነገርኩትም። ለመምህርቷ የተናገርኩት ከአሥር ዓመት በፊት ለእርሱ መናገር የነበረብኝን ነው።

እንግዲህ የምናድሰው ቃል ይህ ነው። አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ግን ከተከፈለበት ነገር የመጣ ነው።

ለደንበኞቻችን። አንደኛ፣ የተጠራጠርነውን ናሙና አንለካም። እንደገና ስትወጉ የእኛ ስህተት ስለሆነ አናስከፍላችሁም፤ ትራንስፖርታችሁንም እኛ እንችላለን። በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ የተወሰደበት ሰዓት ከሌለ ናሙናው ውስጥ አይገባም። ርቀው ላሉት ክሊኒኮች ትንሽ ሴንትሪፉጅ ሰጥተናል፤ ደሙ ግማሽ ሰዓት ያህል ረግቶ እዚያው ይለያል። ከተወሰደ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳይለይ የቆየ ደም ላይ ስኳር አንለካም። ሁለተኛ፣ ሕይወት የሚያሰጋ ውጤት ስናገኝ በወረቀት አንጠብቅም፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለሐኪማችሁ እንደውላለን፣ ቁጥሩንም ደግመው እንዲያነቡልን እናደርጋለን። ፖታሲየም ከፍ ብሎ ስናገኝ ደግሞ ስልኩን ከማንሣታችን በፊት ካልሲየሙን፣ የሴረሙን ቀለምና ሰዓቱን እናያለን። ብንጠራጠር እንኳ እንደውላለን፤ ግን ጥርጣሬያችንንም አብረን እንነግራለን። ሦስተኛ፣ የተሳሳተ ውጤት ሰጥተን ከሆነ እናንተ ከማወቃችሁ በፊት እኛ እንደውላለን። «በሽታው ነው» አንልም።

ለሐኪሞች አንድ ልመና አለኝ። የሰውን ስም ያደባለቀ ቱቦ በቀለምም በቁጥርም አይታወቀንም። ማሽኑ የማን ደም እንደሆነ አያውቅም። ያንን የምታውቁት በሽተኛውን ያያችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ውጤታችን ከበሽተኛው ጋር ካልተስማማ ደውሉልን፤ ወረቀቱንም እስከ ታች አንብቡት።

ለሠራተኞቻችን። የናሙና ብዛት ላይ ጉርሻ የለም፤ ዳግመኛም አይኖርም። ሌሊት ማንም ብቻውን አያድርም። ይህ ወጪ አለው፤ በየዓመቱ የሒሳብ ሠራተኛችን ታስታውሰኛለች፣ እኔም የዚያን ሌሊት ባለሙያ አስታውሳታለሁ። ሦስተኛው ደግሞ፣ ስህተቱን ራሱ የተናገረ ሠራተኛ ከደመወዙ አይቀጣም። ከመካከላችሁ አንዷ በስድስተኛው ዓመታችን አንድ ጠዋት ቢሮዬ መጥታ «ዶክተር፣ የሁለት ሰዎችን ስም ሳልጠይቅ ለጥፌያለሁ፤ የተቀያየሩ ይመስለኛል» ብላኝ ነበር። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ውጤቱ ገና አልወጣም ነበርና ሁለቱንም መልሰን ወሰድን። እውነትም ተቀያይረው ነበር። ዛሬ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ደም አወሳሰድ የምታስተምረው እርሷ ናት። የመጀመሪያ ትምህርቷም «ስምዎ እገሌ ነው አይደል? አትበሉ። ስምዎን ይንገሩኝ በሉ» የሚል ነው። የታመመ ሰው ለሁሉም «አዎን» ይላልና።

ይህ ቃል ገደብ አለው። አልተሳሳትንም ልንላችሁ አንችልም፤ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታትም እንሳሳታለን። ቃል የምንገባው ስህተቱ እንዲያዝ፣ ተይዞም እንዲነገር ነው። የምንመልሰው ናሙና ቁጥር በየወሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቁጥሩ በድንገት ሲወርድ ካያችሁ አታጨብጭቡ፤ መጥታችሁ ጠይቁኝ።

መምህሮቼ እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ተማሪ ሳለን የቱቦ ክዳን ቀለምና የደም አወሳሰድ ቅደም ተከተል በአንድ ልምምድ ውስጥ አልፎ የሄደ ነገር ነበር። ባለቀዩ ቀድሞ፣ ሐምራዊው ከእርሱ በኋላ። ለፈተና ሸመደድናት፣ ረሳናት። እባካችሁ ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ቱቦ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ላብራቶሪ ገብተው አንድ ሌሊት እንዲያድሩ አድርጉ። እኔ ያ ሌሊት ቢኖረኝ ኖሮ «የት ደረሰ?» እያልኩ ባልደወልኩ ነበር።

እናቴ፣ ጠዋት በሩ ላይ የጠየቁኝ፣ እዚህ ካሉ መልሱ ይኸው ነው። አበባ አይደለም። አንድ ጊዜ ያሳሳተን ክዳን ነው። ከቤትዎ ሲወጡና ሲገቡ እርስዎ ያዩታል፤ እኛም በየቀኑ ከሥሩ እናልፋለን።

ጋሼ፣ ስምዎን አልጠራሁም። እንደተባልኩት አደረግሁ። ወረቀቱንም እስከ ታች ማንበብ ለምጃለሁ።